በፎቶ ካለ ማትሪክስ የማርኮቭ ሰንሰለትን ቋሚ ስርጭት ለማውጣት የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ከሰሌዳ፣ ከመጽሐፍ ወይም ከጓደኛ ደብተር በስልክ የተነሣ የሽግግር ማትሪክስ አለ። የሚፈለገው ቋሚ ስርጭቱ (ስቴሽነሪ ዲስትሪቢውሽን) ነው። ለዚህ ሥራ ሰው የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች ነው፦ የስልክ መተግበሪያው ፎቶማዝ፣ የካሲዮ ካልኩሌተር፣ ወይም ፎቶን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ማትፒክስ የፓይተን የስሌት መሣሪያ ከሆነው ኑምፓይ ጋር። ትክክለኛ ቁጥር ከገባላቸው ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። የሚለያዩት ከፎቶው የተሳሳተ ቁጥር ሲገባባቸው ነው፤ ምርጫውም በዚህ መመዘን አለበት።

ለማወዳደሪያ ይህን የአየር ሁኔታ ማትሪክስ እንውሰድ። ቅደም ተከተሉ ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ የዛሬው ሁኔታ፣ ዓምዱ የነገው።

```
0.7  0.2  0.1
0.3  0.5  0.2
0.2  0.4  0.4
```

ሦስቱን ያልታወቁ ዕድሎች x፣ y፣ z እንበላቸው። እኩልዮሾቹ የሚወጡት ከረድፍ ሳይሆን ከዓምድ ነው። ከመጀመሪያው ዓምድ x = 0.7x + 0.3y + 0.2z እናገኛለን። በ10 አባዝተን ወደ አንድ ጎን ስንሰበስበው -3x + 3y + 2z = 0 ይሆናል። ሁለተኛው ዓምድ በዚያው መንገድ 2x - 5y + 4z = 0 ይሰጣል። ሦስተኛው ዓምድ የሚሰጠው እኩልዮሽ ከሁለቱ የሚገኝ ስለሆነ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ በቦታው x + y + z = 1 ይገባል። መልሱ 22/47፣ 16/47 እና 9/47 ነው፤ በአስርዮሽ 0.468፣ 0.340 እና 0.191።

አሁን ፎቶው ደብዝዞ የመጀመሪያው 0.7 እንደ 0.1 ተነበበ እንበል። ያው ስሌት 0.218፣ 0.396 እና 0.386 ይሰጣል። ሦስቱም ከዜሮ በላይ ናቸው፣ ድምራቸውም 1 ነው፤ ላዩን ሲያዩት ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። ድምሩ 1 እንዲሆን ያስገደድነው እኛው ስለሆንን፣ የመልሱ ድምር 1 መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ስሕተቱን የሚያጋልጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የተነበበው ረድፍ ድምር 0.4 ሆኗል፣ መሆን የነበረበት ግን 1 ነው። ሁለተኛ፣ ሳንጠቀምበት የተውነው የሦስተኛው ዓምድ እኩልዮሽ አይሰምርም፤ 0.1x + 0.2y ከ0.6z ጋር እኩል መሆን ሲገባው በአንድ በኩል 0.101፣ በሌላው 0.232 ይወጣል።

ፎቶማዝን የመረጠ ሰው ማትሪክሱን ፎቶ ማንሣቱ ብቻ አይበቃውም። ምስሉ ላይ ቋሚ ስርጭት እንደሚፈለግ የሚናገር ነገር የለምና። እኩልዮሾቹን ራሳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ እነሱን አንሡ፤ ነጥብ በቀላሉ ስለምትጠፋ ከላይ እንዳደረግነው በሙሉ ቁጥር ጻፉ፣ አንዱን እኩልዮሽ ከሌላው በታች አድርጉ፣ z እና 2ንም የሚለይ ሰረዝ አድርጉበት። መተግበሪያው ያነበበውን መልሶ ያሳያል፤ መልሱን ከማየታችሁ በፊት እሱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። የአፈታቱን ደረጃዎች ማሳየቱ ለሚማር ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። ግን የማርኮቭን ክፍል፣ ማለትም እኩልዮሾቹን ማዋቀሩን፣ የሠራችሁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብሎ የሚከፈልበትን ደረጃ መግዛት አስፈላጊ አይመስለንም።

ካልኩሌተሩ ፎቶ አያነብም፤ ቁጥሩን የምታስገቡት በእጅ ነው። ይህ እንደ ጉድለት ቢታይም ለ3 በ3 ማትሪክስ ጥንካሬው ነው፣ ዓይን እያንዳንዱን ቁጥር አንድ በአንድ ስለሚያይ። በfx-991ES PLUS ላይ MODE፣ ቀጥሎ 5 (EQN)፣ ቀጥሎ 2 ተጫኑና እነዚህን አስገቡ፦

```
-3   3   2   0
 2  -5   4   0
 1   1   1   1
```

መልሱ በክፍልፋይ 22/47 ብሎ ይወጣል፤ ለፈተና ወረቀት ከአስርዮሽ የተሻለ ነው። ES PLUS የሚፈታው እስከ ሦስት ያልታወቁ ብቻ ነው። fx-991EX እስከ አራት ይደርሳል፣ ማትሪክሱም እስከ 4 በ4 ነው። ኮርሱ ላይ አራት ሁኔታ ያለው ሰንሰለት ከበዛ የዋጋው ልዩነት ለEX ቢከፈል ተገቢ ነው፤ ካልበዛ ES PLUS በቂ ነው። ስልክ በማይገባበት ፈተና ደግሞ ከሦስቱ የሚቀረው ካልኩሌተር ብቻ ነው።

ማትሪክሱን በራሱ ደጋግሞ ማባዛት የሚወድም አለ። MatA²፣ ከዚያ የወጣውን እንደገና በካሬ፣ እንዲህ አራት ጊዜ ሲደረግ 16ኛ ኃይል ላይ ይደረሳል። በምሳሌያችን ሦስቱም ረድፎች እዚያ ላይ እስከ አራት አስርዮሽ አንድ ይሆናሉ። ለማረጋገጫ ጥሩ ነው፣ ለመፍትሔ ግን አንመክረውም፦ በሁለት ሁኔታዎች መካከል በየተራ የሚመላለስ ሰንሰለት ቋሚ ስርጭቱ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ሳለ ኃይሎቹ መቼም አይረጉም።

አምስትና ከዚያ በላይ ሁኔታ ሲኖር ማትፒክስና ኑምፓይ ይሻላሉ። ማትፒክስ ፎቶውን ወደ ላቴክ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠው የምስል ብዛትም በወር የተወሰነ ነው። ውጤቱ `0.7 & 0.2 & 0.1 \\` ይመስላል፤ & በኮማ ይተካል፣ እያንዳንዱ ረድፍ በቅንፍ ይታጠራል።

```python
import numpy as np
P = np.array([[.7,.2,.1],[.3,.5,.2],[.2,.4,.4]])
print(P.sum(axis=1))
n = len(P)
A = np.vstack([P.T - np.eye(n), np.ones(n)])
b = np.r_[np.zeros(n), 1]
pi = np.linalg.lstsq(A, b, rcond=None)[0]
print(pi, pi @ P - pi)
```

የመጀመሪያው መስመር ውጤት ሁሉም 1 ካልሆነ ወደ ፎቶው ተመለሱ። የመጨረሻው ቬክተር ደግሞ ከዜሮ የማይለይ፣ ምናልባት e-16 ወይም e-17 ያለበት መሆን አለበት። ይህ ኮድ ሁሉንም እኩልዮሾች አንድም ሳይጥል ስለሚጠቀም የተሳሳተ ንባብ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ነጥቧ ጠፍታ 0.2 እንደ 02 ከገባ ፓይተን ራሱ ይቆማል። .2 ተብሎ የተጻፈው 2 ሆኖ ከገባ ግን ምንም ሳይል ያልፋል፤ የሚይዙት የረድፍ ድምሩና የመጨረሻው ቬክተር ናቸው።

የትኛውንም ብትመርጡ መልሱ 1/3፣ 1/3፣ 1/3 ከሆነ ጠርጥሩ። እኩልዮሾቹን ከዓምድ ሳይሆን ከረድፍ ስታወጡ የሚመጣው ይህ ነው፤ ኑምፓይ ላይም `.T` ከተረሳ ያው ይሆናል። እኩል ዕድል ትክክለኛ መልስ የሚሆነው ዓምዶቹም እንደ ረድፎቹ እያንዳንዳቸው 1 ሲደመሩ ነው፤ የእኛዎቹ ግን 1.2፣ 1.1 እና 0.7 ናቸው። አንዳንድ መጽሐፍ ደግሞ ማትሪክሱን ገልብጦ ዓምዶቹን 1 የሚያደርግ አለ። ያን ጊዜ እኩልዮሾቹ ከረድፍ ይወጣሉ፣ `.T`ም ይቀራል፤ `axis=1` በ`axis=0`፣ `pi @ P` ደግሞ በ`P @ pi` ይተካል።

ካልኩሌተር ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ ሽፋኑ ላይ ባለው የካሲዮ ስም አትርኩ። fx-82ES PLUS ከ991ኛው ጋር በመልክ በጣም ይቀራረባል፣ ግን EQNም ማትሪክስም የለውም። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ከላይ ያሉትን አሥራ ሁለት ቁጥሮች አስገቡ፤ 22/47 ካላሳያችሁ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።