ቀዩ ጥለት ለምን ይደበዝዛል? የፎቶሾፕ፣ የጂምፕና የዌብፒ ንጽጽር

ቀጭን ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ ለሽያጭ ፎቶ ተነሥቶ በጄፔግ ሲቀመጥ፣ ቀዩ ጠቆር ብሎ አጠገቡ ያለው ነጭም ሮዝ ነክ ሆኖ ቢታይ፣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ካሜራው ሳይሆን የቀለሙ አቀማመጥ ነው። ጄፔግ ምስሉን ከመጭመቁ በፊት የእያንዳንዱን ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ወደ አንድ የብርሃን መጠንና ወደ ሁለት የቀለም መጠኖች ይለውጣል። የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ዝርዝር አጥርቶ ስለሚያይ፣ 4:2:0 በተባለው አቀማመጥ ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘገብ የቀለሙ መጠኖች ግን ለአራት ጎረቤት ፒክስሎች በአማካይ አንድ አንድ ብቻ ይያዛሉ። በ4:4:4 ይህ ማማከል የለም።

ስፋቱ አንድ ፒክስል የሆነ ንጹሕ ቀይ መስመር (255, 0, 0) ከነጭ ጋር እኩል ሲማከል፣ ሌላ መጭመቅ ሳይጨመርበት እንኳ፣ ቀዩ ወደ (166, 38, 37) ገደማ ይለወጣል፤ ነጩም ወደ (255, 217, 216) ይጠጋል። ብርሃኑ የየራሳቸው ሆኖ ሳለ ቀለሙን ስለተጋሩ፣ ቀዩ ያጣውን ነጩ ወስዶታል ማለት ነው።

ፎቶሾፕ በየጊዜው የሚከፈልበት ሲሆን ምርጫውን ለተጠቃሚው አያሳይም፤ በSave for Web ጥራቱ 50 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን 4:2:0ን፣ ከ51 ጀምሮ ደግሞ 4:4:4ን ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ጥራቱን ከ51 ወደ 50 ያወረደ ሰው ባላሰበው መንገድ የጥለቱን ቀለም ያጣል። ጂምፕ ነጻ ነው፤ ጄፔግ ሲያወጣም Subsampling የሚል ምርጫ ስላለው 4:4:4ን በዝቅተኛ ጥራትም መያዝ ይቻላል። ለዚህ ጉዳይ ብቻ ከሆነ ለፎቶሾፕ መክፈል አያስፈልግም እላለሁ።

ዌብፒ የተባለው የምስል ቅርጸት ፋይሉን ያሳንሳል፤ ነገር ግን ዝርዝር እየጣለ የሚጨምቀው ዓይነቱ ሁልጊዜ 4:2:0 ነው። `cwebp` የተባለው መሣሪያ `-sharp_yuv` በሚለው አማራጭ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀረውም። ለሰው ፊትና ለመልክዓ ምድር ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ ለጥለትና ለቀይ ጽሑፍ ግን ባለ4:4:4 ጄፔግን እመርጣለሁ። ፋይሉ ቢያድግም፣ የቀለሙ ክፍል በደንብ ስለሚጨመቅ የሚጨምረው የሚመዘገቡት መጠኖች ቁጥር እንደሚያስፈራራው እጥፍ አይሆንም።

ከመክፈል በፊት ግን ችግሩ ይኸው መሆኑን መለየት ይገባል። ምስሉን አጉልተው ሲያዩ ለውጡ በቀለማት ድንበር ላይ ብቻ ከሆነ መንሥኤው ማማከሉ ነው፤ ሰፊው የነጠላው ሜዳም ጭምር ቀለሙን ከለወጠ ግን ቀለሞቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚናገረው የቀለም ፕሮፋይል ከፋይሉ መውጣቱን መጠርጠር ይሻላል፤ ያንን 4:4:4 አያድነውም። እንዲሁም ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከለትን እንደገና ስለሚጨምቅ፣ በጥንቃቄ የተዘጋጀውን ምስል ለደንበኛ መላክ ያለበት በፋይል መልክ ነው።