የሐበሻ ቀሚስ በፎቶ ማልበስ፦ CatVTON፣ IDM-VTON ወይስ OOTDiffusion?

ሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም የምትሸጡ ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛ ማንጠልጠያ ላይ ያለውን ቀሚስ አይታ "ሲለበስስ እንዴት ነው?" ትላለች። ለእያንዳንዱ ቀሚስ ሞዴል ቀጥሮ ፎቶ ማስነሳት ደግሞ ኪስ ይጎዳል። የልብስ ፎቶና የሰው ፎቶ ተቀብለው ልብሱን ሰውየው ላይ የሚያለብሱ ፕሮግራሞች ለዚህ መፍትሔ ይመስላሉ። በነፃ አውርዶ መሞከር ከሚቻሉት ውስጥ ስማቸው ብዙ የሚነሳው ሦስቱ ናቸው፤ ሦስቱም የወጡት በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ የማወዳድራቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥለት ያለው ረጅም ነጭ ቀሚስ ስንሰጣቸው ምን ያደርጉታል?

መጀመሪያ የልብሱ ዓይነት። IDM-VTON በሰፊው የሚታወቀው ለላይኛው ልብስ ነው። ዋናው ሞዴል የተማረው VITON-HD ከሚባል የፎቶ ስብስብ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው 13 ሺህ ከምናምን ጥንድ ፎቶ ሲሆን ሁሉም ፊት ለፊት የቆሙ ሴቶችና ከወገብ በላይ የሚለበሱ ልብሶች ናቸው። ረጅም ቀሚስ ስትሰጡት እንደ ሸሚዝ ቆርጦ ከታች ያለውን ሱሪ እንዳለ ሊተወው ይችላል፣ ይህ ደግሞ ፎቶው ስለከፋ ሳይሆን ሌላ ነገር ስላልተማረ ነው። አጭር ሸሚዝ መሳይ ነገር ለሚሸጥ ግን ጥሩ ነው፤ የልብሱን ዝርዝር ለመያዝ ብቻ የተመደበ ሁለተኛ ኔትወርክ አለው፣ ልብሱንም በእንግሊዝኛ በአጭሩ እንድትገልጹለት ይጠይቃል። እዚያ ጋ "ነጭ ልብስ" ብላችሁ አትለፉ፤ ጥጥ መሆኑንና ደረቱ ላይ ጥልፍ እንዳለው ጻፉ።

OOTDiffusion ሁለት ሞዴል አለው፦ አንዱ ለግማሽ አካል፣ አንዱ ለሙሉ አካል። ቀሚስ የሚያለብሰው ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የመጀመሪያውን ያስነሳና ፕሮግራሙ አይረባም ይላል። ትክክለኛው ትዕዛዝ ይህ ነው፦

```
python run_ootd.py --model_path sew.jpg --cloth_path kemis.jpg --model_type dc --category 2 --scale 2.0 --sample 4
```

ቁጥር 2 ማለት ሙሉ ቀሚስ ነው፤ 0 የላይ፣ 1 የታች ልብስ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 4 በአንድ ጊዜ አራት ምስል አውጣልኝ ማለት ነው። አትቀንሱት፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ደህና ሊወጣ ይችላል።

CatVTON ከሦስቱ ቀላሉ ነው። የልብሱን ፎቶና የሰውየውን ፎቶ ጎን ለጎን ገጥሞ እንደ አንድ ምስል ነው የሚያየው፣ ስለዚህ የልብስ መግለጫ አይፈልግም። በ1024 በ768 ፒክስል ለመሥራት ከ8 ጊጋባይት በታች የግራፊክስ ካርድ ማህደረ ትውስታ ይበቃዋል። IDM-VTON የቆመበት መሠረት ግን ከዚህ በጣም ይከብዳል። CatVTON ላይ የልብሱን ዓይነት ስትመርጡ overall የሚለውን ንኩ፤ upper ካላችሁት ቀሚሱ ወገብ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ጥለቱ እንምጣ። የሚገዛው እሱ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ስሌት እንሥራ። ሦስቱም ምስሉን በቀጥታ ፒክስል በፒክስል አይስሉትም። መጀመሪያ 8 በ8 ፒክስል የሆነችውን እያንዳንዷን ካሬ ወደ አንድ ነጥብ ይጨምቃሉ፣ ሥራቸውን እዚያ ላይ ይሠራሉ፣ መጨረሻ ላይ መልሰው ይዘረጉታል። 1.65 ሜትር ቁመት ያላት ሴት 1024 ፒክስል ቁመት ባለው ፎቶ ውስጥ 900 ፒክስል ብትይዝ አንድ ሴንቲሜትር የሚደርሰው ከአምስት ፒክስል ትንሽ ይበልጣል። ደረቷ ላይ 3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መስቀል ቢኖር 16 ፒክስል ነው። ያ ማለት ሁለት ነጥብ! በሁለት ነጥብ መስቀል አይሳልም፤ የሚወጣው መስቀል መሳይ እድፍ ነው። ጥለቱ እንደ ውኃ ቀለም የሚፈሰው ለዚህ ነው፣ ሌላ ፕሮግራም ብትቀይሩም ይኸው ችግር ይከተላችኋል።

ያችው ሴት ከራሷ እስከ ዳሌዋ ብቻ ብትነሳ 85 ሴንቲሜትር ያህሉ ፎቶውን ይሞላዋል፤ ያው መስቀል ወደ 36 ፒክስል፣ ማለትም አራት ከግማሽ ነጥብ ይሆናል። ቅርጹ ይያዛል። ክሩ ግን አሁንም አይታይም። ስለዚህ እኔ ሁለት ምስል አወጣለሁ፦ አንድ ሙሉ ቁመት ለአለባበሱ፣ አንድ ከወገብ በላይ ለደረቱ። ከጎናቸው ደግሞ የጥለቱን እውነተኛ ፎቶ፣ ከቅርብ የተነሳውን፣ አስቀምጣለሁ። የወጣውን ምስል በማጉያ ፕሮግራም ማሳለፍ አይጠቅምም፤ የጠፋውን ጥለት አይመልሰውም፣ ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚሞላው። ደንበኛዋ ያላዘዘችው ጥለት ማለት ነው።

እጥፋቱስ? በ2018 እ.ኤ.አ. አካባቢ የነበሩት ዘዴዎች የልብሱን ፎቶ እንደ ጎማ ጎትተው ነበር ሰውነት ላይ የሚያስቀምጡት። እጅ ከፍ ሲል ጥለቱም አብሮ ይለጠጣል፣ እጥፋት የሚባል የለም። የዛሬዎቹ እጥፋቱን ራሳቸው ይስሉታል። የፈትል ልብስ ስስ ስለሆነ ብዙ ትናንሽ እጥፋት አለው፣ እነሱ ግን ልብሱን እንደ ፖሊስተር ወፍራምና ለስላሳ አድርገው ሊያወጡት ይችላሉ። ለመፈተን ወገቧን በአንድ እጇ የያዘች ሴት ፎቶ ስጡትና ከታች ጫፍ ያለውን ጥለት በዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ተከተሉ። እጥፋቱ ውስጥ ሲገባ አብሮ መጥለቅ፣ ሲወጣ አብሮ መውጣት አለበት። ጥላው እጥፋት እያሳየ ጥለቱ ቀጥ ብሎ ካለፈ ምስሉ ውሸት ነው፣ ጣሉት። ጣቶቹንም ቁጠሩ።

አንድ ጊዜ ከተለመደ ስህተት የተማርኩትን ልንገራችሁ። የሞዴሏ ፎቶ ላይ ሰፊ ጃኬት ነበር። ፕሮግራሙ አሮጌውን ልብስ በጭምብል ይሸፍናል፣ ከዚያ በአዲሱ ይሞላዋል፤ ጭምብሉ በጃኬቱ ልክ ሰፍቶ ስለነበር ቀሚሱም ትከሻው ላይ ጃኬት መስሎ ወጣ። በጠባብ ልብስ የተነሳ ፎቶ ስጠቀም ተስተካከለ። ከዚሁ ጋር፦ ሦስቱም ሴንቲሜትር አያውቁም። ትልቅም ትንሽም ቀሚስ ስጡት፣ ልክክ አድርጎ ያለብሳል። ልኳን ደንበኛዋን ጠይቁ እንጂ በምስሉ አትማመኑ። ነጠላ ለብቻው ማልበስም አትሞክሩ፤ ከላይ ጣል የሚደረግ ልብስ የሚባል ምድብ የላቸውም።

እንግዲህ ለረጅም ቀሚስ የእኔ ምርጫ CatVTON ነው፤ ቀላል ካርድ ላይ ስለሚሄድ። አራት አራት ምስል አውጥቶ መምረጥ ለሚወድ OOTDiffusion በሙሉ አካል ሞዴሉ ይሆነዋል።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ፈቃዱን አንብቡ። ሦስቱም የወጡት CC BY-NC-SA 4.0 በሚባለው ፈቃድ ነው፣ NC የሚለው ለንግድ አይሆንም ማለት ነው። ቤታችሁ ሞክሩበት፣ ተማሩበት፤ ለሽያጭ ለምትለጥፉት ፎቶ ግን ለንግድ የሚፈቅድ የክፍያ አገልግሎት ያስፈልጋችኋል። ሲመርጡም ይኸው ፈተና ይሠራል፦ ሙሉ ቀሚስ የሚል ምድብ አለው ወይ፣ የሚያወጣው ምስል ስንት ፒክስል ነው፣ ደንበኛዋ የላከችላችሁን የራሷን ፎቶስ ከስንት ቀን በኋላ ያጠፋዋል። የመጨረሻውን በጽሑፍ ካልመለሱላችሁ የደንበኛችሁን ፎቶ አትስጧቸው።