የማድረሻ ሂሳብ፦ መጨረሻ ላይ ወይስ ከመጀመሪያው?

ደሴ ሆኖ በድረ ገጽ ጋቢ የሚሸጥ ነጋዴ አለ እንበል። ጋቢው 2,400 ብር ነው፤ ወልድያ ለማድረስ 200 ብር ይጨመራል። ይህን 200 ብር ለገዢው መቼ ያሳየው?

በብዙ ገጾች የሚታየው መንገድ መጨረሻ ላይ ማሳየት ነው። የወልድያዋ ገዢ ስሟን፣ ስልኳንና አድራሻዋን ሞልታ ልትከፍል ስትል ድምሩ 2,600 ሆኖ ይመጣል። ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ግን ያልጠበቀችው ነውና «ሌላስ ምን ይጨመር ይሆን?» ብላ ትወጣለች። ገዢዎች የመረጡትን ዕቃ የያዘውን የገጹን ጋሪ ጥለው ለመሄዳቸው በተደጋጋሚ የሚጠቅሱት ምክንያት ይኸው ድንገተኛ ጭማሪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከጋቢው ፎቶ ሥር ከተማ ማስመረጥ ነው። «ወልድያ» ስትል «ጋቢ 2,400፣ ማድረሻ 200፣ ጠቅላላ 2,600 ብር» የሚል ይወጣል፤ ይኸው ድምር እስከ ክፍያው ቁልፍ ድረስ አይለወጥም። የማይስማማው እዚያው ይተወዋል፣ ወደ ጋሪው የሚገባው ግን ዋጋውን አውቆ ነው። እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ይህንን ነው።

ማድረሻውን ዋጋው ውስጥ ደብቆ «በነፃ እናደርሳለን» ማለትም አለ፤ ግን ደሴ ፒያሳ ያለው ገዢ የወልድያን መንገድ እንዲከፍል ያደርጋል።

ሁለተኛው መንገድ የሚቸግረው ቋሚ ታሪፍ ለሌላቸው የገጠር ቀበሌዎች ነው። ለእነሱ እስከ ቅርቡ ከተማ መናኸሪያ ያለውን ዋጋ ብቻ ማስላትና «ከመናኸሪያ ይረከባሉ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ገዢዎች ሳይከፍሉ የሚወጡት በማድረሻው ምክንያት መሆኑን ለማወቅ ድምሩን ያዩትንና ከዚያ «ክፈል» የነኩትን በየከተማው ቁጠሩ። የደሴዎቹ ከፍለው የወልድያዎቹ ከቀሩ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማድረሻው ነው።