የመለኪያ ኩባያና ማንኪያ ስትገዙ፦ የአሜሪካ፣ ሜትሪክ ወይስ የእንግሊዝ?

ጅማ ውስጥ ቤቴ ሆኜ ለልደት ኬክ እጋግራለሁ። አንድ ቀን የምታዘዘኝ እናት ልጇ ሊቆርሰው ከነበረው ኬክ ላይ ክሬሙን ስታነሳ መሃሉ ጎድጓዳ ሆኖ አገኘችው። ጠርዙ ቆሟል፣ መሃሉ ወርዷል፣ ሲቀመስም ምላስ ላይ የሚቀር መራራ ነገር አለው። ምድጃው ነው፣ ዱቄቱ ነው ብዬ ስመረምር ሰነበትኩ። ጥፋቱ የተገኘው ግን በማንኪያው ላይ ነው።

አሰራሩ ከአሜሪካ የመጣ ነበር፦ 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 4 እንቁላል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። የመለኪያ ስብስቡን ደግሞ የእህቴ ልጅ ከአውስትራሊያ፣ ከሜልቦርን ነው የላከችልኝ። «አክስቴ፣ አሁን በግምት መስራት ቀረ» ብላኝ ነበር። እኔም ኩባያ ኩባያ ነው፣ ማንኪያም ማንኪያ ነው ብዬ ለካሁ። ሦስቱ ልማዶች ግን እንዲህ ይለያያሉ፤ ቁጥሮቹ በሚሊ ሊትር ናቸው።

| | አሜሪካ | ሜትሪክ | የድሮው እንግሊዝ (ኢምፔሪያል) |
|---|---|---|---|
| 1 ኩባያ | 237 ገደማ | 250 | 284 |
| 1 የሾርባ ማንኪያ | 15 ገደማ | 15፤ አውስትራሊያ 20 | 18 ገደማ |
| 1 ፓይንት | 473 | የለም | 568 |

አሁን ኬኬን በዚህ ሰንጠረዥ ላይ እንየው። 3 የአሜሪካ ኩባያ 710 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በእኔ የአውስትራሊያ ኩባያ 750 ሆነ። ልዩነቱ 40 ሚሊ ሊትር ነው፣ በዱቄት ሲመዘን 20 ግራም ገደማ። ዱቄቱን በማንኪያ እያነሱ በመሙላትና ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ነክሮ በማውጣት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ በአሜሪካና በሜትሪክ ኩባያ ልዩነት ኬክ አይበላሽም። ሁሉንም ነገር በአንዱ ኩባያ ብቻ ከለካችሁ ደግሞ ዱቄቱም ስኳሩም ወተቱም አብረው ስለሚያድጉ መመጣጠኑ አይፈርስም። ሳይለወጥ የሚቀረው እንቁላሉ ብቻ ነው፤ እሱም ይህችን ታህል ልዩነት ይችላል።

ቤኪንግ ፓውደሩን እዩት እንግዲህ። የአሜሪካ የሾርባ ማንኪያ 3 የሻይ ማንኪያ ነው። የአውስትራሊያው 4 ነው። አንድ ጊዜ ሞልቼ፣ በቢላ ጀርባ ጠርጌ የጨመርኩት ከሚገባው በሲሶ ይበልጥ ነበር። ጅማ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይለጠጣል፤ ኬኩ ውስጡ በስሎ ሳይጸና ከፍ ይልና መያዣ አጥቶ ይወድቃል። ለባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ አሰራር 3 የሻይ ማንኪያ ሲል እኔ ዛሬ 2 ከሩብ ነው የማደርገው። ያን ቀን 4 ነበር የገባው። መራራውም ጣዕም የትርፉ ቤኪንግ ፓውደር ነው።

ስለዚህ ስትገዙ አስቀድማችሁ የምታዩት ማንኪያውን ይሁን። ፍተሻው ቀላል ነው፣ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ትጨርሱታላችሁ። 5 ሚሊ ሊትር የሚል የሻይ ማንኪያ አንሱና ውሃ እየሞላችሁ ወደ ሾርባ ማንኪያው ገልብጡ። በ3 ከሞላ 15 ነው፣ ግዙት። 4 ከወሰደ የአውስትራሊያ ነው። 3 ገብቶ የግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ቦታ ከተረፈ የድሮው የእንግሊዝ መጠን ነው፤ አሁን እንግሊዞችም ቢሆኑ 15 ነው የሚጠቀሙት። ቤት ሾርባ የምንጠጣበት ማንኪያ ግን ስሙ እንጂ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው በጣም ይለያያል።

ለኩባያው የግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ስትሞሉበት ጠርሙሱ ካለቀ ሜትሪክ ነው። ሁለቴ ሞልታችሁ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምታህል ከተረፈች የአሜሪካ ነው። ሁለተኛው ሳይሞላ ውሃው ካለቀ የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ነው፣ እሱን አትውሰዱ። ከአሜሪካው በ20 በመቶ ይበልጣል፤ በእኔ 3 ኩባያ ኬክ ላይ 75 ግራም ገደማ ትርፍ ዱቄት ማለት ነው። 4 እንቁላል ያን ሁሉ አይሸከምም፤ ኬኩ ደርቆ ይፈረፈራል። ዲጂታል ሚዛን ያላችሁ ደግሞ ባዶውን ኩባያ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉትና ውሃ እስከ አፉ ሙሉ፤ የሚነበበው ግራም ከሰንጠረዡ ሚሊ ሊትር ጋር አንድ ነው።

ፓይንት የሚያጋጥመው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ሳይሆን በመለኪያ ጆግ ላይ ነው። ልዩነቱ የመጣው አሜሪካኖች የድሮውን የወይን ጋሎን ይዘው ሲቀሩ እንግሊዞች በ1824 እ.ኤ.አ. ጋሎናቸውን በ10 ፓውንድ ውሃ ልክ አዲስ አድርገው ስለደነገጉ ነው። ፓይንት የጋሎን ስምንተኛ ስለሆነ አብሮ ተለወጠ። ጆጉ የማን እንደሆነ ለማወቅ የአውንሱን መስመር እዩ፦ 1 ፓይንት ከ16 አውንስ ጋር ከተጋጠመ የአሜሪካ፣ ከ20 ጋር ከተጋጠመ የእንግሊዝ ነው። የእንግሊዝ የካስተርድ አሰራር 1 ፓይንት ወተት ሲላችሁ በአሜሪካ ጆግ ከለካችሁ 95 ሚሊ ሊትር ይጎድለዋል፤ የሚፈስ መሆን የነበረበት ክሬም ገንፎ ሆኖ ማንኪያ ያቆማል። ስለዚህ ጆግ ስትመርጡ ስለ ፓይንቱ አትጨነቁ፣ የሚሊ ሊትር መስመሩ ጥርት ብሎ የሚነበበውን ውሰዱና ሁሉንም በእሱ ለኩ።

አሰራሩ የት አገር እንደተጻፈ የሚያሳውቀው ራሱ ጽሑፉ ነው። ቅቤን በስቲክ ከቆጠረና ሙቀቱን በፋራናይት ከጻፈ አሜሪካዊ ነው፤ አንዱ ስቲክ 113 ግራም ነው። ዱቄቱን በግራም፣ ወተቱን በፓይንት ካለ እንግሊዝ ነው። በኩባያ እየለካ ሙቀቱን በሴልሺየስ የሚጽፍና ቤኪንግ ፓውደር ቀድሞ የተቀላቀለበትን ሰልፍ ሬይዚንግ ዱቄት የሚያዝ ከሆነ አውስትራሊያን ጠርጥሩ፣ የሾርባ ማንኪያውንም 4 የሻይ ማንኪያ አድርጉት። በአማርኛ «አንድ ስኒ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ጻፊውን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ የእኔ ቤት የቡና ስኒ እስከ አፉ ስሞላው 75 ግራም ውሃ ነው የሚይዘው፣ ተርጓሚው ያሰበው ግን የአሜሪካ ኩባያ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ 250 የሚል ባለ ሜትሪክ ኩባያ፣ 15 የሆነ የሾርባ ማንኪያ፣ ገንዘቡ ከበቃ ደግሞ ከሁለቱም በፊት 1 ግራም የሚለይ ሚዛን። ከፕላስቲክ ይልቅ ቁጥሩ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን እመርጣለሁ፤ ፕላስቲኩ ላይ የታተመው ቀለም ሲታጠብ ሲታጠብ ይጠፋል። የሜልቦርኑን ማንኪያ አልጣልኩትም፤ እጀታው ላይ በምስማር 4 ብዬ ቆርጬበት፣ የእህቴ ልጅ የምትልክልኝን አሰራር ብቻ እለካበታለሁ።