ወዲያው መምረጥ ወይስ ተናጋሪው እስኪጨርስ መጠበቅ?

በአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት ፈተና የማዳመጥ ክፍል ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ተፈታኙ በምርጫ ጥያቄዎች ላይ በሁለት ስልቶች መካከል ይዋልላል።

ወዲያው መምረጥ፦ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የተሳሳቱት ምርጫዎችም አብዛኛውን ጊዜ በንግግሩ ውስጥ ስለሚጠሩ ለማሳሳቻ ያጋልጣል። ለምሳሌ ተናጋሪዋ «ማክሰኞ እንገናኝ» ካለች በኋላ አዳራሹ መያዙን አስታውሳ «አክችዋሊ፣ ሐሙስ ይሁን» ብላ ታርማለች፤ ጓደኛዋ ዓርብን ቢያነሳም አትስማማም። ስለዚህ መልሱ ሐሙስ ነው።

መጠበቅ፦ በተጠራው ምርጫ አጠገብ ነጥብ አድርጎ፣ እንደ «ባት» ወይም «አክችዋሊ» ያለ የእንግሊዝኛ ማረሚያ ቃል ተከትሎ ውድቅ ሲደረግ መሰረዝ ነው። ጉዳቱ መዘግየቱ ነው።

ሁለት ሰዎች ሲወያዩ መጠበቁ ያዋጣል፤ ንግግሩ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ከተሻገረ ግን ካልተሰረዙት አንዱን መርጦ ማለፍ ይሻላል።