የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍትና መዝገበ ቃላት፦ ጎንደር ላይ ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው፣ ሽፋናቸው አንድ የሆነ ሁለት መጻሕፍት ዋጋቸው እጅግ ተራርቆ ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ከአሳታሚው የወጣ ሲሆን ሌላው ተገልብጦ የተባዛ ነው። ከጎናቸው ደግሞ ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላው የተላለፈ፣ ጥርዙ የላላ፣ ግን ምንም ያልጎደለው የቆየ እትም ይኖራል። ገዢው በአብዛኛው ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የእትም ቁጥር ያይና ትልቁን ቁጥር ይመርጣል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ ደረጃው፣ ቀጥሎ የቅጂው ሙሉነት፣ ከዚያ በኋላ እትሙ ሊታይ ይገባል። የአሳታሚው ማንነት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ወሳኝ የሚሆነው ሁለት ቋንቋ በያዙት መዝገበ ቃላት ላይ ነው። ንጽጽሩን ተማሪዎች አዘውትረው በሚጠይቋቸው ጥቂት መጻሕፍት ላይ ብቻ አደርጋለሁ።

ቀዩና ሰማያዊው

የሬይመንድ መርፊ ሁለት የሰዋስው መጻሕፍት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ የታተሙ ናቸው። ቀይ ሽፋን ያለው «ኢሴንሻል ግራመር ኢን ዩዝ» ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሰማያዊው «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩዝ» ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። በአውሮፓ የቋንቋ ደረጃ አሰጣጥ ሰማያዊው ከቢ1 እስከ ቢ2 ያለውን ይሸፍናል። የሁለቱም አሠራር አንድ ነው፤ በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ ይቀመጣል፣ ከመጽሐፉ መጨረሻም የመልስ ቁልፍ ይገኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ «እንግሊዝኛ ለዓመታት ተምሬያለሁ» በሚል ግምት በቀጥታ ሰማያዊውን ይገዛል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት መማርና ያለበትን ደረጃ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደረጃን ለመለየት የሚረዳ መሣሪያ እዚያው ሰማያዊው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ከመጽሐፉ ኋላ የጥናት መመሪያ የሚባል፣ ምርጫ ያላቸው ባዶ ቦታ የሚሞላባቸው ዓረፍተ ነገሮች የያዘ ክፍል ይገኛል፤ ተማሪው ያልመለሰው ጥያቄ የትኛውን የትምህርት ክፍል ማጥናት እንዳለበት ያሳየዋል። ገዢው ባለ መደብሩን አስፈቅዶ ከዚህ ክፍል የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ያህል ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ይሥራና ከመልሱ ጋር ያስተያይ። ከግማሽ በላይ ከሳተ፣ ወይም ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ለማንበብ ከተቸገረ፣ ቀዩን መያዙ ይሻለዋል። ይህ መለኪያ የእኔ እንጂ የአሳታሚው አይደለም፤ ቢሆንም ከግምት ይሻላል።

ሌላው መጣራት ያለበት ነገር የመልስ ቁልፉ ነው። ሰማያዊው መጽሐፍ መልስ ያለውና መልስ የሌለው ሆኖ በሁለት ዓይነት ይታተማል፤ መልስ የሌለው መምህር በሚያርመው ክፍል ውስጥ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ብቻውን ለሚያጠና ሰው መልስ የሌለው ቅጂ ግማሽ መጽሐፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው አምስተኛ እትም ላይ መልስ ያለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ 9781108457651 ሲሆን፣ መልስ የሌለው 9781108457682 ነው። ከጀርባ ሽፋኑ ላይ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ማየት ብቻ ሁለቱን ለመለየት ይበቃል።

እትሙ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ሰማያዊው መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ሦስተኛው እትም በ2004፣ አራተኛው በ2012 ወጥቷል። ከሦስተኛው ጀምሮ እስከ አምስተኛው ድረስ መጽሐፉ 145 የትምህርት ክፍሎች አሉት። የእንግሊዝኛ ሰዋስው በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አይለወጥም፤ የሚታደሱት በአብዛኛው ምሳሌዎቹ፣ ሥዕሎቹና የአንዳንድ ማብራሪያዎች አገላለጽ ናቸው። ስለዚህ ብቻውን ለሚያጠና ሰው ንጹሕ የሆነ ያገለገለ አራተኛ እትም፣ ሌላው ቀርቶ ሦስተኛውም ቢሆን፣ ያለ ስጋት የሚገዛ ነው። ልዩነቱ የሚያስቸግረው መምህሩ «ክፍል ይህን ያህልን ሥሩ» እያለ በቁጥር በሚያዝበት ቦታ ነው፤ በየእትሙ የአንዳንድ ክፍሎች ቦታ ሊቀያየር ስለሚችል፣ ለትምህርት ቤት የሚገዛ ሰው መምህሩ የያዘውን እትም አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከቆዩ እትሞች ጋር ይመጡ የነበሩትን ሲዲዎች ዋጋ አልሰጣቸውም። ብዙውን ጊዜ ጠፍተዋል ወይም ተቧጥጠዋል፤ ቢኖሩም የሚያነባቸው ኮምፒውተር ማግኘት ከባድ ነው። ከአዳዲሶቹ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በሲዲው ፈንታ የመግቢያ ኮድ አለ፤ ኮዱ ለአንድ ተጠቃሚ ስለሆነ፣ ያገለገለ መጽሐፍ ላይ «ኮድ አለው» ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ከተጠየቀ መክፈል አይገባም።

የቅጂው ሁኔታ ግን በእትሙ ቁጥር የሚተካ አይደለም። ተገልብጦ የተባዛ ቅጂ የመለያ ቁጥሩንም አብሮ ስለሚገለብጥ በቁጥሩ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ገጾቹን በማየት ነው። መጀመሪያ ማብራሪያውና መልመጃው ፊት ለፊት መቀመጣቸውን ይመልከቱ፤ አንድ ገጽ ከተዘለለ ማብራሪያው በቅጠሉ ጀርባ ይውልና ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሲገልጥና ሲመልስ ይውላል። ቀጥሎ ወደ ጥርዙ የተጠጋው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ መነበቡን ያረጋግጡ። ከዚያም ገጾቹን ይቁጠሩ፤ መጻሕፍት በአብዛኛው በአሥራ ስድስት ወይም በሠላሳ ሁለት ገጽ እጥፋት ተሰብስበው ስለሚጠረዙ፣ ጉድለት ሲኖር የሚጎድለው አንድ ገጽ ሳይሆን አንድ ሙሉ እጥፋት ነው፤ በቦታውም ሌላ እጥፋት ሁለት ጊዜ ገብቶ ሊገኝ ይችላል። ይህ በሚታወቅ አሳታሚ መጽሐፍ ላይም አልፎ አልፎ ይደርሳል። በየአሥራ ስድስት ገጹ ቁጥሩን እያዩ ማለፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ኦክስፎርድና ሎንግማን

እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ ከሚፈቱት መካከል «ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ» እና «ሎንግማን ዲክሽነሪ ኦፍ ኮንቴምፖራሪ ኢንግሊሽ» ለቋንቋ ተማሪ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። ለተወላጅ ተናጋሪ ከተዘጋጀ መዝገበ ቃላት የሚለዩት ፍቺያቸውን በተወሰኑ ቀላል ቃላት ብቻ ስለሚጽፉ ነው። የሎንግማን ፍቺዎች በሁለት ሺህ ገደማ ቃላት የተወሰኑ ሲሆን፣ ኦክስፎርድ ወደ ሦስት ሺህ ይጠጋል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ ቃላቱ ጥቂት ለሆነ ተማሪ ሎንግማን ይቀለዋል፤ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ ቃል ፍለጋ አይገባም።

የኦክስፎርድ ብልጫ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው አሥረኛ እትም አስፈላጊ ቃላት ከኤ1 እስከ ሲ1 ባለው ደረጃ ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ተማሪው የትኛውን ቃል ዛሬ መያዝ፣ የትኛውን ደግሞ ለኋላ መተው እንዳለበት ያውቃል። በ2005 የወጣው ሰባተኛውና በ2010 የወጣው ስምንተኛው እትም ደረጃ አያሳዩም፤ ነገር ግን ሦስት ሺህ ዋና ቃላት በትንሽ የቁልፍ ሥዕል ተለይተው ተቀምጠዋል። ለጀማሪ ይህ ምልክት ይበቃል። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ላይም ቢሆን የቆየውን እትም ለመጣል ያለን ምክንያት ጠባብ ነው፤ የሚጎድለው በቅርብ ዓመታት የገቡ የቴክኖሎጂ ቃላት ናቸው።

ሁለቱም ቢገለበጡ እኩል አይጎዱም። ሎንግማን ተደጋግመው የሚያገለግሉ ቃላትን በቀይ ቀለም ስለሚለይ፣ በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ይህ መለያ ይጠፋል። በኦክስፎርድ ላይ የቁልፉ ሥዕል ቢደበዝዝም ይታያል። በሁለቱም ላይ ፈጽሞ መታየት ያለበት ግን የአነባበብ ምልክቱ ነው፤ ድምፁ የሚጠብቀው በየትኛው ክፍለ ቃል እንደሆነ የምታሳየው ትንሽ ሰረዝ በመጥፎ ቅጂ ላይ ቀድማ የምትጠፋ ናት። እሷ ካልታየች አለመግዛት ነው።

እንግሊዝኛ–አማርኛ

የአሳታሚና የአዘጋጅ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ አዲስ አበባ የታተመ ነው፤ አዘጋጆቹ ይታወቃሉ፣ የአማርኛው ትርጉምም የተጠነቀቀ ነው። ድክመቱ ዕድሜው ነው፤ ኢንተርኔትን የመሰለ ቃል ከእሱ አይጠበቅም። በዚያው ዓመት በጀርመን ሃራሶዊትዝ ያሳተመው የቮልፍ ሌስላው እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከነአማርኛው ስለሚያሳይ ለትርጉም ሥራ እጅግ ይረዳል፤ ለተማሪ ግን ግዙፍ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ከተገኘ መጠቀም እንጂ አድኖ መግዛትን አልመክርም።

ከእነዚህ ትይዩ የሚቀመጡት አዘጋጃቸው ያልተገለጸ፣ መቅድም የሌላቸው፣ ሽፋናቸው ላይ «አዲስ እትም» የሚል የተጻፈባቸው የኪስ መዝገበ ቃላት ናቸው። በአገራችን «ሁለተኛ እትም» ማለት ብዙ ጊዜ እንደገና ታተመ ማለት እንጂ ተሻሻለ ማለት አይደለም። የማተሚያ ቤቱ ስም መኖሩም አሳታሚ አለው አያሰኝም፤ ማተሚያ ቤት የተሰጠውን ያትማል፣ ስለ ይዘቱ የሚጠየቀው አሳታሚው ነው። ሁለት ፈተና ይበቃል። አንደኛው፣ የመጨረሻዎቹን ፊደላት ገልጦ እንደ መጀመሪያዎቹ በጥንቃቄ መሠራታቸውን ማየት ነው፤ ችኩል አዘጋጅ ወደ መጨረሻው ይደክማል። ሁለተኛው፣ አድቫይስ የሚለውን ቃል መፈለግ ነው። ጥሩ መዝገበ ቃላት በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር እንደማይወጣለት በምልክት ያሳያል፤ አማርኛችን ግን «ምክሮች» ስለሚል፣ «ምክር» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ተማሪውን ወደ ስሕተት ይመራዋል።

አንድ ገዢ እንውሰድ

አዘዞ የምትኖር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችና በፋሲል ግንብ አካባቢ አስጎብኚ ለመሆን የምትዘጋጅ ወጣት አለች እንበል። ገንዘቧ የሚበቃው ለሁለት መጻሕፍት ነው። ከሰማያዊው መጽሐፍ ኋላ ያሉትን አሥራ አምስት ጥያቄዎች ሠርታ ዘጠኙን ሳተች፤ ስለዚህ ሰዋስውዋ ቀዩ ነው፣ መልስ ያለው፣ ያገለገለም ቢሆን ገጹ የተሟላና በእስክሪብቶ ያልተሞላ። መልመጃው ላይ መልስ የተጻፈበት መጽሐፍ በርካሽ ቢቀርብላትም ትተወው፤ መልሱን እያየች ራሷን ልትፈትን አትችልም።

ለመዝገበ ቃላት ሦስት አማራጭ ቀርቦላታል፤ የተገለበጠ ኦክስፎርድ አሥረኛ እትም፣ ያገለገለ ኦክስፎርድ ስምንተኛ እትም፣ አዘጋጁ ያልታወቀ የኪስ እንግሊዝኛ–አማርኛ። አሥረኛው ላይ የአነባበብ ምልክቱ ደብዝዟል፤ አስጎብኚ ደግሞ ሥራዋ በአፍ ነው። የኪሱ አድቫይስን «ምክር» ብሎ አልፎታል። ስምንተኛውን ትገዛለች። የአማርኛ ትርጉም ስትፈልግ የአምሳሉንና የሞስባክን ከቤተ መጻሕፍት ማየት ትችላለች፤ ለሕንፃ፣ ለነገሥታትና ለቤተ ክርስቲያን ቃላት ዕድሜው አይጎዳትም። ስምንተኛውን ከመክፈሏ በፊት በየአሥራ ስድስት ገጹ ቁጥሩን ትመልከት፤ ጉድለት ኋላ ከታየም እንዲቀየርላት ከነጋዴው ጋር አስቀድማ ትስማማ።