የሱቃችሁን ታፔላ በፎቶ ላይ የምታስቀይሩ፣ መስታወቱን እዩ

ይህን የምጽፈው ፒያሳ፣ ቸርችል ጎዳናና አራት ኪሎ አካባቢ ሱቅ ላላችሁ ነው። የሱቃችሁን ስም ቀይራችሁ ይሆናል። የድሮውን ፎቶ ለማስታወቂያ ቤት ሰጥታችሁ «ታፔላውን በፎቶሾፕ ቀይሩልን» ልትሉም አስባችሁ ይሆናል። እንግዲያው ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እህቴ ገንዘቧን ከፍላ የወሰደችው ባነር ላይ የሌላ ሰው ሱቅ ስም አለ።

እህቴ «ሮማን ጫማ» የሚባል ሱቅ ከነዕቃው ተረክባ ስሙን «ሳባ ጫማ» አለችው። ለመክፈቻው 3 ሜትር ስፋት ያለው ባነር ፈለገች። አዲስ ፎቶ ማንሳት አልተቻለም፤ የሱቁ ፊት ተቆፍሮ በቆርቆሮ ታጥሯል። ስለዚህ ከመቆፈሩ በፊት የተነሳ ጥሩ ፎቶ ሰጠች። ማስታወቂያ ቤቱ «ማንም አያውቅም፣ እንደ እውነቱ ነው የምናደርገው» ብሎ ግማሹን ቀብድ ተቀበለ።

ታፔላው ከግድግዳው ወደ መንገድ ወጥቶ የቆመ፣ መብራት ያለው ሳጥን ነው። እንዲህ ያለ ታፔላ አጠገቡ ያለው የሱቁ መስታወት ውስጥም ይታያል። ማለትም ፎቶው ላይ ያሉት ታፔላዎች ሁለት ናቸው፦ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው ነጸብራቁ። ልጆቹ እውነተኛውን አሳምረው ቀየሩት። ፊደሉም ቀለሙም ጥሩ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ግን «ሮማን» ተገልብጦ እንዳለ ቀረ።

ሥራው ለማየት የተላከልን በቴሌግራም ነበር፣ ያውም እንደ ፎቶ እንጂ እንደ ፋይል አልነበረም። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል። አስቡት፣ ዋናው ፎቶ 6000 ፒክስል ስፋት አለው። የነጸብራቁ ጽሑፍ 300 ፒክስል ያህል ነው። 7 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ላይ ይህ 3.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ደብዘዝ ያለ። ባነሩ ላይ ግን ያው ጽሑፍ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ስልክ ላይ ያልታየው ነገር ባነሩ ሲዘረጋ አፍጥጦ ወጣ።

ቅሬታ ስናቀርብ «እሱ ተጨማሪ ሥራ ነው» ብለው ሌላ ሒሳብ ጠየቁ። በዚህ አልስማማም። ታፔላ እንቀይራለን ብሎ የተዋዋለ ሰው ነጸብራቁንም መቀየር አለበት፤ አለዚያ ሥራው አላለቀም። ከብዙ ንትርክ በኋላ ሁለት ጊዜ «አስተካከልን» አሉ። ሁለቱም ሙከራ እናንተም ላይ ሊደርስ ይችላልና ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቦታውን አደበዘዙት። የድሮው ስም ጠፋ። ግን ከመስታወቱ ጀርባ መደርደሪያ ላይ የነበሩት ጫማዎችም አብረው ጠፉና ግራጫ ጭጋግ ሆነ። መስታወት ላይ ሁለት ነገር ተደራርቦ ነው የሚታየው፦ ውስጥ ያለው ዕቃ፣ በላዩም የውጭው ነጸብራቅ። አሮጌውን ነጸብራቅ አውጥቶ ዕቃውን መተው የሥራው ከባድ ክፍል ነው። ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ጫማዎቹን አንድ በአንድ መልሶ ይሠራቸዋል፤ ወይም ያው መደርደሪያ የሚታይበት ሌላ ፎቶ ካላችሁ ከዚያ ይወስዳል። ስለዚህ የሱቁን ብዙ ፎቶ ካላችሁ ሁሉንም ስጡት።

ቀጥሎ «ሳባ» የሚለውን ጽሑፍ አደብዝዘው መስታወቱ ላይ ለጠፉት። ሳይገለብጡ! ከመስታወቱ ውስጥ «ሳባ» ተብሎ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ስናሳያቸው የፊደሎቹን ቦታ ብቻ አቀያይረው «ባሳ» አደረጉት። ይህም ስህተት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ፊደል ራሱ መገልበጥ አለበት።

እዚህ ላይ ፊደላችን ራሱ ያጋልጣቸዋል። «ሳ» ረጅም እግሯ በቀኝ ነው። ስትገለበጥ እግሯ በግራ ይሆንና «ሶ» ትመስላለች። «ባ»ም እንዲሁ ስትገለበጥ «ቦ» ትመስላለች። ስለዚህ «ሳባ» በትክክል መስታወት ውስጥ ከታየች «ቦሶ» የሚል የሚመስል ጽሑፍ ነው የምታዩት። «ሳባ» ወይም «ባሳ» ካያችሁ ተቀባይነት የለውም። የእናንተ ስም ውስጥ «ቡ» ወይም «ቢ» ካለ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለችው ቅጥል በግራ መውጣት አለባት።

ፊደል ለማይለይ ሰውም የሚሆን ፈተና አለ። ያለቀውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ክፈቱና በማስተካከያው ግራና ቀኙን ገልብጡት። አሁን እውነተኛው ታፔላ መገልበጥ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ደግሞ ቀጥ ብሎ መነበብ አለበት። ሁለቱም ቀጥ ካሉ ወይም ሁለቱም ከተገለበጡ ሥራውን መልሱት። አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ ታፔላው መሬት ላይ ከታየ ግን የሚገለበጠው ከላይ ወደ ታች ነው። መስታወቱ ላይ በስቲከር የተለጠፈ ጽሑፍም ነጸብራቅ ስላልሆነ ከውጭ ሲነሳ አይገለበጥም።

በኋላ ሥራውን የሠራልን ሌላ ልጅ ነው፤ እንዴት እንደሠራው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጽሑፉን ብቻ አልገለበጠም። አዲሱን ታፔላ ከነሳጥኑ ኮፒ አድርጎ በ `Flip Horizontal` ገለበጠው። ከዚያ የታፔላው ግድግዳ የሚነካው ጠርዝ ከነጸብራቁ ጠርዝ ጋር መስታወቱ ላይ እንዲገናኙ አደረገ። ነጸብራቁ ከመስታወቱ ጀርባ ያለ ያህል ስለሚርቅ ትንሽ አሳነሰው። ከዚያ ሌየሩን፣ ማለትም ለብቻው ያስቀመጠውን የነጸብራቅ ንብርብር፣ ብርሃኑ ብቻ ከሥሩ ባለው ላይ እንዲጨመር `Screen` ላይ አድርጎ `Opacity`፣ ማለትም ጉልህነቱን፣ ቀነሰ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ፣ ተራ መስታወት ፊት ለፊት ሲታይ የሚመልሰው ብርሃን 8 በመቶ ገደማ ነው፣ በጎን ሲታይ ግን ይጨምራል አለኝ። ስለዚህ ነጸብራቁ ጥቁር ጫማዎቹ ላይ ይጎላል፣ አምፖል የበራበት መደርደሪያ ላይ ግን ሊጠፋ ይደርሳል። አንድ ዓይነት ድምቀት ይዞ ከዳር እስከ ዳር ከሄደ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል።

የአሉሚኒየሙ ፍሬም ላይ ሲደርስም ቆረጠው። ሁለቱ መስታወቶች ፍጹም አንድ ልክ ስለማይቆሙ ከፍሬሙ ወዲያ ያለውን ግማሽ ትንሽ አዛነፈው፤ የድሮውም ነጸብራቅ እንደዚያው የተዛነፈ ነበር። የድሮው ታፔላ ቀይ፣ አዲሱ ሰማያዊ ስለሆነ ደግሞ ፍሬሙ ላይ የቀረውን ቀይ ብርሃን አጠፋ። የመጀመሪያዎቹ ይህን አላዩትም። እኔ ራሴ ልጁ እስኪያሳየኝ ልብ አላልኩትም ነበር።

እንግዲህ ስትዋዋሉ «ታፔላውና ነጸብራቁ በሙሉ» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈር። መስታወቱን ብቻ ሳይሆን ደጃፉ ላይ የቆመ መኪና በርና ሱቁ ውስጥ ያለ የጫማ መሞከሪያ መስታወትንም ጥቀሱ። ሥራውን በፋይል ተቀበሉ፣ ኮምፒውተር ላይ በ100 በመቶ ከፍታችሁ እዩ። ቀሪውን ሒሳብ ከዚያ በፊት አትክፈሉ። ለኅትመት «እሺ» የምትሉትም ከዚያ በኋላ ይሁን፣ ምክንያቱም ባነር አንዴ ከታተመ «እናንተ ፈቅዳችሁ ነው» ይላሉ። እኛንም እንዲህ ነው ያሉን፤ የባነሩ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም። ሌየሩ ያልተዋሃደ የፎቶሾፕ `PSD` ፋይልም ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ የሰጡን `JPG` ብቻ ስለነበር ሁለተኛው ልጅ ሁሉንም ከዋናው ፎቶ እንደገና ለመጀመር ተገደደ፣ እህቴም ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈለች።